አራት ምስክር፣ አንድ ያልተጻፈ ዐረፍተ ነገር

(ደሴ ላይ ለመውጫ ፈተና ለሚዘጋጁ የሕግ ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ አንድ የፈተና ጥያቄ ብቻ ይዤ ነው የመጣሁት። ከውርስ ሕግ ነው። ጥያቄውን አነብላችኋለሁ፣ ከዚያ አብረን እንፈታዋለን። ስትሰሙ እስክሪብቶ ያዙ፤ መልሱን ይወስናል ብላችሁ የምታስቡትን ነገር ብቻ ጻፉ። ሰዎቹ የፈተና ሰዎች ናቸው፤ የማንም ታሪክ አይደለም።

«ወ/ሮ ዘነቡ በደሴ ከተማ አንድ መኖሪያ ቤት አላቸው። ባለቤታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ቤቱም የወ/ሮ ዘነቡ የግል ንብረት ነው። ሰይድ፣ አልማዝና ተስፋዬ የሚባሉ ሦስት ልጆች አሏቸው። ወ/ሮ ዘነቡ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ሚያዝያ 12 ቀን 2012 ዓ.ም. አራት ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ‹ቤቴን ለአልማዝ ተናዝዣለሁ፤ ስታመም ያስታመመችኝ እሷ ናት› አሉ። በመንደሩ የሚኖር አንድ መምህር የተናገሩትን እየሰማ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ወ/ሮ ዘነቡና አራቱ ጎረቤቶች ባሉበት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ወ/ሮ ዘነቡ ‹ልክ ነው› ብለው ወዲያው የጣት አሻራቸውን አደረጉ። አራቱም ምስክሮች እዚያው ፈረሙ። ጽሑፉ የሚያበቃው ‹ይህን ስናዘዝ ስማቸው ከዚህ በታች የተጻፈው አራት ምስክሮች ነበሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 2012 ዓ.ም.› በሚል ነው። ወ/ሮ ዘነቡ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አረፉ። ሰይድና ተስፋዬ ኑዛዜው ፈራሽ ነው ሲሉ ተቃወሙ። አራቱም ምስክሮች ቀርበው ኑዛዜው በፊታቸው መነበቡን በአንድ ቃል መሰከሩ። ኑዛዜው ይጸናል?»

እስቲ ምን ጻፋችሁ? ከፊት ያለህ፣ «ማንበብና መጻፍ አይችሉም» ብለሃል። አንቺ «ሁለቱ ልጆች ተነቅለዋል፣ ምክንያት አልተሰጠም» ብለሻል። ከኋላ «ሸሪዓ» ያለ አለ። «አራት ምስክር አለ፣ ተነቧል፣ ተፈርሟል፣ ይጸናል» ያላችሁም ብዙ ናችሁ።

መልሱ ያለው ጽሑፉ በሚያበቃበት መስመር ላይ ነው። መልሱን የሚወስነው በዚያ መስመር ውስጥ የሌለው ነገር ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ በራሱ ጽሑፍ የሚደረግ፣ እና የቃል ኑዛዜ። ይህን አንቀጽ 880 ይነግራችኋል። የወ/ሮ ዘነቡ ኑዛዜ ሌላ ሰው የጻፈው፣ በምስክሮች ፊት የተደረገ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚታየው በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ሚዛን ነው፤ ይህም አንቀጽ 881 ነው።

አንቀጽ 881ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ኑዛዜውን ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ይችላል፤ ተናዛዡ እየተናገረ ሌላ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። እስከዚህ ችግር የለም። ቀጥሎ ግን ኑዛዜው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑም በኑዛዜው ካልተመለከተ ፈራሽ ነው ይላል። በመጨረሻ ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያውኑ መፈረም ወይም የጣት አሻራ ማድረግ አለባቸው።

መካከለኛው ክፍል ሁለት ነገር ነው የሚጠይቀው፤ ብዙ ተማሪ አንድ አድርጎ ያነበዋል። አንደኛው ኑዛዜው መነበቡ ነው። ይህ ድርጊት ነው፤ ቤት ውስጥ ይፈጸማል። ሁለተኛው መነበቡ በኑዛዜው ላይ መጻፉ ነው። ይህ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሚታይ ነገር ነው። በጥያቄያችን የመጀመሪያው ተሟልቷል። ኑዛዜው ተነቧል፤ ጠያቂው ራሱ ነግሮናል። ሁለተኛው ግን የለም። ወረቀቱ አራት ምስክሮች እንደነበሩ ይናገራል። እንደተነበበላቸው አይናገርም።

ሰይድና ተስፋዬ የሚያሸንፉት በዚህ ነው።

አሁን የአልማዝ ጠበቃ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ይህን መጠየቅ አለባችሁ፤ ጥሩ መልስ የሁለቱንም ወገን ክርክር ያያል። የአልማዝ ጠበቃ «‹ይህን ስናዘዝ አራት ምስክሮች ነበሩ› የሚለው ቃል መነበቡንም ያጠቃልላል» ሊል ይችላል። መናዘዝ ከመጀመሪያ እስከ ፊርማ ያለውን ሁሉ የሚይዝ አንድ ሥርዓት ነው ብሎ ይከራከራል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ነገር ግን ምስክሮቹ ሲናዘዙ መስማታቸውና የተጻፈው ሲነበብ መስማታቸው ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ናቸው። ሕጉ በስም ጠርቶ የጠየቀው ሁለተኛውን ነው። ጠበቃው «አራቱም ምስክሮች መሰከሩ እኮ!» ካለም መልሱ አጭር ነው። ሕጉ መነበቡ በምስክር ይረጋገጥ አላለም፤ በኑዛዜው ይመልከት ነው ያለው። የምስክሮቹ ቃል ከዓመታት በኋላ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ዐረፍተ ነገር ሊጨምር አይችልም።

ሕጉ ለምን ይህን ያህል ይጠብቃል? ወ/ሮ ዘነቡ ማንበብ አይችሉም። መምህሩ የጻፈው እሳቸው ያሉትን ይሁን ሌላ በምን ያውቃሉ? ሲነበብላቸው ብቻ ነው። ማንበብ የሚችል ተናዛዥም ቢሆን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ በሕይወት የለም፤ «እንዲህ ነው ያልኩት» ሊል አይችልም። ምስክሮች ደግሞ ይሞታሉ፣ ይረሳሉ፣ ከአንዱ ልጅ ጋር ይወዳጃሉ። ስለዚህ ሕጉ ማስረጃው በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ፈለገ። ይህን ምክንያት በመልሳችሁ አንድ ሁለት መስመር ብትጽፉ ውጤታችሁን ያነሳዋል፤ አንቀጹን በቃል ሸምድዶ ከመጣ ሰው ይለያችኋል።

ጥያቄው ግን እዚህ አያልቅም። ብዙ ተማሪ «ፈራሽ ነው» ብሎ ወረቀቱን ይገለብጣል። በአንዱ መልክ የወደቀ ኑዛዜ በሌላው መልክ ይቆም እንደሆነ መታየት አለበት። በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ ሊሆን ይችላል? አይችልም፤ አንቀጽ 884 ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ የተጻፈ ይሁን ይላል፣ ይህን የጻፈው መምህሩ ነው። የቃል ኑዛዜስ? ወ/ሮ ዘነቡ በአራት ሰዎች ፊት በአንደበታቸው ተናግረዋል፤ ለቃል ኑዛዜ ደግሞ ሁለት ምስክር ይበቃል። እዚህ ላይ ልብ ያለው ተማሪ «አገኘሁት!» ይላል። ነገር ግን አንቀጽ 893 በቃል ኑዛዜ የሚደረገውን ነገር ቆጥሮ ወስኖታል። የቀብር ሥነ ሥርዓትን የሚመለከት ቃል፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚትነት፣ እና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎች። ደሴ ያለ ቤት በ500 ብር አይገባም። ሌላም አለ። ተናዛዡ ከተናዘዘ በኋላ ሦስት ወር ከኖረ የቃል ኑዛዜው ይቀራል። ወ/ሮ ዘነቡ ከሁለት ዓመት በላይ ኖረዋል። ጠያቂው ሁለቱንም ቀኖች የሰጣችሁ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህን በር እንድትዘጉበት ነው።

ሦስቱም ከተዘጉ ውርሱ ያለ ኑዛዜ ይሆናል። በአንቀጽ 842 ልጆች የመጀመሪያ ወራሾች ናቸው፤ እኩል ይካፈላሉ። ቤቱ ለሦስቱም ነው። አልማዝ አንድ ሦስተኛ ታገኛለች።

አሁን ወደ ጻፋችኋቸው ነገሮች ልመለስ፤ ለምን እንዳሳሳቷችሁ ማየት አለብን።

«ማንበብና መጻፍ አይችሉም» ያላችሁት ወንድሜ፣ በአእምሮህ የመጣው አንቀጽ 1728 ነው፣ አይደል? ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ወይም ዓይነ ስውር ያደረገው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በአዋዋይ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም የሚለው። ሕጉን በትክክል አስታውሰሃል። ግን እሱ የውል ሕግ ነው። ኑዛዜ የራሱ ፎርም አለው፤ አንቀጽ 881 የጣት አሻራን በግልጽ ይቀበላል። ስለዚህ በዚህ ጥያቄ አሻራው ችግር አይደለም።

ነገሩን ትንሽ ልቀይረው። ወ/ሮ ዘነቡ አልተናዘዙም እንበል። ከአንድ የገበያ ነጋዴ 80,000 ብር ተበደሩ፤ መምህሩ የብድር ውል ጻፈ፤ ሁለት ምስክሮች ፈረሙ፤ እሳቸው አሻራቸውን አደረጉ። ነጋዴው ከሰሰ፤ እሳቸው «አልተበደርኩም» አሉ። አሁን ያ «ማንበብና መጻፍ አይችሉም» የሚለው ቃል ከዳር ተነስቶ መሀል ይገባል። አሻራው በአዋዋይም በዳኛም ፊት አልተረጋገጠም፤ አያስገድዳቸውም። ነጋዴው «ምስክሮች አሉኝ» ቢል አንቀጽ 2472 ይመጣበታል። ከ500 ብር የበለጠ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ነው። የምስክር ቃል አይበቃውም። ሴትዮዋ ፍርድ ቤት ቀርበው «አዎ፣ ወስጃለሁ» ቢሉ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ እምነት ነውና። እንግዲህ በፈተና ወረቀት ላይ «አልተበደርኩም አሉ» የምትለዋን ቃል ያላየ ተማሪ መልሱን ሊገለብጠው ይችላል።

አንድ ዓይነት ፍሬ ነገር በኑዛዜ ጥያቄ ጌጥ ነው፤ በብድር ጥያቄ ወሳኝ ነው። ስለዚህ ፍሬ ነገሩን ከማድመቃችሁ በፊት የትኛው ሕግ ቤት ውስጥ እንዳላችሁ እወቁ።

«ሁለቱ ልጆች ተነቅለዋል» ያልሽው እህቴ፣ ጥሩ ዓይን አለሽ። ሕጉ ተወላጅን ከውርስ ለመንቀል ምክንያቱ በኑዛዜው እንዲገለጽ ይጠይቃል። ነገር ግን ያ ጭብጥ የሚነሳው መጀመሪያ ኑዛዜው በፎርሙ ከቆመ ነው። ፎርሙ ከወደቀ የሚነቀልም የለም። ፈተና ላይ ይህን በሁለት መስመር «ኑዛዜው ቢጸና ኖሮ» ብለሽ አልፈሽ ሂጂ። ሁለት ገጽ ከጻፍሽበት ሰዓቱ አለቀ።

ሸሪዓ ያላችሁት ሰይድ የሚለውን ስም አይታችሁ ነው። ወሎ ውስጥ ተወልዳችሁ ይህን አትሳቱ! እዚህ አገር በአንድ ቤት ሰይድና ተስፋዬ አብረው ያድጋሉ፤ ስም ሃይማኖትን አይነግራችሁም። ደግሞ ሃይማኖታቸው ቢታወቅ እንኳ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። በጥያቄያችን ስለ ፈቃዳቸው አንድም ቃል የለም። ጠያቂው «ሦስቱም ልጆች በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ተስማሙ» ብሎ ቢጨምር ግን ያን ጊዜ አንቀጽ 881ን ዘግታችሁ ሌላ ጥያቄ ትፈታላችሁ። ቤቱ ቤት መሆኑን ትቶ «በሐይቅ አካባቢ የሚገኝ የእርሻ ይዞታ» ቢል ደግሞ የክልሉን የገጠር መሬት አዋጅ ማንሳት ይኖርባችኋል፤ የይዞታ ውርስ የራሱ ደንብ አለው።

እንግዲህ ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ቤት ስትገቡ እንዲህ አድርጉ። አንድ ፍሬ ነገር ብቻ ቀይሩና መልሱ ይገለበጥ እንደሆነ እዩ። እስቲ አብረን ጥቂት እንሞክር። ከመጨረሻው በቀር በሁሉም ውስጥ «በተናዛዧና በምስክሮቹ ፊት ተነበበ» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ተጽፏል ብለን እንነሳ።

ከአራቱ ምስክሮች አንዱ የለቅሶ ጥሪ መጥቶበት ሳይፈርም ወጣ፤ በማግስቱ ተመልሶ ፈረመ። ይጸናል? ሕጉ «ወዲያውኑ» ይላል። ማግስት ወዲያውኑ አይደለም። ብዙዎቻችሁ አራት ፊርማ ቆጥራችሁ ታልፋላችሁ፤ ፊርማው መቼ እንደተደረገ አትጠይቁም።

ምስክሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ናት። አንቀጽ 882 ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ፣ የመዝገብ ቤት ሹም ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል ይላል። ደስ አለን። ግን ቀጥሉና አንብቡ፤ «በሥራው ላይ ሆኖ» ይላል። ጥያቄው «ዳኛዋ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ልትጠጣ መጥታ ሳለ» ካለ፣ ያቺ ሴት እዚያ ቤት ጎረቤት ናት እንጂ ዳኛ አይደለችም። ሁለት ምስክር ብቻ ቀረ፤ ኑዛዜው ወደቀ። ቡናው የታሪኩ ማጣፈጫ ይመስላል፣ ሁሉንም የሚወስነው ግን እሱ ነው።

ኑዛዜው የተደረገው ከሚሴ ነው። በአማርኛ ተጽፎ በአማርኛ ተነበበ። ከአራቱ ምስክሮች አንደኛው ኦሮምኛ ብቻ ነው የሚሰሙት፤ አማርኛ አያውቁም። አንቀጽ 883 ምስክሩ አካለ መጠን የደረሰ፣ ያልተከለከለ፣ የኑዛዜውንም ቋንቋ የሚረዳ እንዲሆን ይፈልጋል። እኚህ ሰው ተቀምጠው ሰምተዋል፤ የተነበበውን ግን አልተረዱም። ሦስት ምስክር ቀረ። እዚህ አካባቢ ለምናድግ ሰዎች ይህ የፈተና ፈጠራ አይደለም፤ በየቀኑ የምናየው ነው። አንዱ ምስክር 17 ዓመቱ ቢሆንም መንገዱ ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ወደ ሦስት ይወርዳል።

የመጨረሻው። ወ/ሮ ዘነቡ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ማንንም ሳይጠሩ በራሳቸው እጅ ሁለት ቅጠል ወረቀት ጻፉ። አርዕስቱ «ኑዛዜ» ይላል። በመጀመሪያው ቅጠል ቀንና ፊርማ አለ። በሁለተኛው ፊርማ ብቻ አለ። ምስክር የለም። ምስክር ስለሌለ ወደቀ ያለ ተሳስቷል፤ አንቀጽ 884 ምስክር አይጠይቅም። ግን ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ እንዲነገርና እያንዳንዱ ቅጠል ቀንና ፊርማ እንዲኖረው ይጠይቃል። ሁለተኛው ቅጠል ቀን የለውም። መልሱ «ፈራሽ ነው» ነው፤ ምክንያቱ ግን የምስክር አለመኖር አይደለም። መደምደሚያው ልክ፣ ምክንያቱ ስህተት የሆነ መልስ እኔ ሳርም ከግማሽ በታች ነው የምሰጠው።

መልሱን ስትጽፉም አታንዛዙ። ለዋናው ጥያቄ እኔ የምወደው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ጭብጡ መነበቡ በጽሑፉ ያልተመለከተ ኑዛዜ በግልጽ እንደተደረገ ኑዛዜ ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚለው ነው። ፍ/ብ/ሕ/ቁ. 881 ኑዛዜው በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡን ብቻ ሳይሆን ይህ መፈጸሙ በኑዛዜው እንዲመለከት ያዛል። የወ/ሮ ዘነቡ ኑዛዜ በተግባር የተነበበ ቢሆንም ጽሑፉ የሚያመለክተው ምስክሮች መኖራቸውን ብቻ ነው። የምስክሮች ቃል ይህን ጉድለት አይሞላም፤ ሕጉ የጠየቀው በጽሑፉ መመልከቱን ነውና። ኑዛዜው በቁ. 884ም ሆነ በቁ. 893 ሊጸና አይችልም።» ከዚያ ቁ. 842ን ጠቅሳችሁ ድርሻውን አስቀምጡ።

በዚያ መልስ ውስጥ «ቢሆንም» የሚለውን ቃል አስተውሉ። የተደረገውን ከተጻፈው የሚለየው ያ ቃል ነው። ፎርም የሚጠይቅ ጥያቄ ሲመጣላችሁ በወረቀታችሁ ዳር ሁለት ዓምድ ሥሩ፤ በአንዱ «ምን ተደረገ»፣ በሌላው «ሰነዱ ምን ይላል» ብላችሁ። በአንዱ ዓምድ ኖሮ በሌላው የጎደለው ነገር ብዙ ጊዜ መልሱ ነው።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ወ/ሮ ዘነቡ ‹ተናዝዣለሁ› ባይሉ፣ ‹ቤቴን ዛሬውኑ ለአልማዝ በስጦታ ሰጥቻለሁ› ቢሉና ወረቀቱ የስጦታ ውል ቢባልስ? ያኔ ከአንቀጽ 881 አመለጠች ማለት አይደለም?»

ጥያቄዋን ወደድኩት፤ እውነተኛ ፈታኝ የሚጠይቀው እንዲህ ነው። አላመለጠችም። አንቀጽ 2443 የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ ፈራሽ ነው ይላል። ስጦታ ብሎ የወጣው ወረቀት ዞሮ እዚያው አንቀጽ 881 ይመጣል። በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡ እዚያም መጻፍ አለበት። አልማዝ በዚህም መንገድ ሙሉውን ቤት አታገኝም።

ተማሪዋ ቀጥላ፣ «ታዲያ ሰይድና ተስፋዬ ‹የእናታችን ቃል ይከበር› ብለው ባይቃወሙስ?» አለች። በጥያቄው ላይ «ተቃወሙ» የሚል ቃል አለ፤ እሱን አውጡትና ክርክሩ የለም። ወንድማማቾቹ አካለ መጠን የደረሱ ከሆኑ ቤቱ ለአልማዝ እንዲደርስ አድርገው ውርሱን በስምምነት መካፈል ይችላሉ፤ የሚከለክላቸው የለም። አንዱ አካለ መጠን ያልደረሰ ቢሆን ግን በራሱ ቃል ሊስማማ አይችልም። ያን ጊዜ የምትፈልጉት አንቀጽ የኑዛዜ አይደለም፤ የሞግዚት ሥልጣን ነው። ተማሪዋ የተስፋዬን ዕድሜ ፍለጋ ጥያቄውን እንደገና ማንበብ ጀመረች። ዕድሜው አልተጻፈም።

እንዲህ ሲሆን ፈተና ላይ «ተስፋዬ 18 ዓመት ሞልቶት ከሆነ እንዲህ፣ ካልሞላው እንዲህ» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ።